የቀድሞ አለቃ ሪፈረንስ እንዲሆኑ በኢሜይል እንዴት ይጠየቃሉ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛነት ከተወዳደሩት መካከል የመጨረሻውን ዙር ያለፈች አንዲት አመልካች ነበረች። በማመልከቻዋ ላይ ወደ ሰጠችው የቀድሞ አለቃዋ ስልክ ደወልሁ። ሰውየው ስሟን ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁኝ። እንዲህ ያሉት በክፋት አልነበረም። ከእርሷ ጋር ከተለያዩ አራት ዓመት አልፏቸዋል፤ እደውልላቸዋለሁ ብሎ የነገራቸውም ሰው የለም፤ ስልኩን ያነሡት ገበያ መካከል ቆመው ነበር። የሚናገሩት ስላጡ «ደህና ሠራተኛ ነበረች መሰለኝ» አሉና ንግግሩ በዚያው አበቃ። «መሰለኝ» የሚለው ቃል ግን በግምገማ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሰፈረ።

ከዚህ በታች የማስረዳው ይህ እንዳይደርስ ለአለቃው አስቀድሞ የሚላከው ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ ነው። ምሳሌ የማደርገውም ባለፈው ኅዳር ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጬ ያዘጋጀነውን አንድ ደብዳቤ ነው። ጠያቂው በምሥራቅ ጎጃም በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ በንብረት መዝጋቢነት የሠራ ወጣት ሲሆን፣ የቀድሞ አለቃው ዛሬ ባሕር ዳር በሌላ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወይዘሮ ናቸው። ወጣቱ ለሁለት ቃለ መጠይቆች ተጠርቶ ነበር፤ አንዱ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ፣ ሌላው ኅዳር 24 ቀን አዲስ አበባ ባለ አንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ነበር።

አንደኛ፦ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ይለዩ

በእኛ አገር ሦስት ነገሮች በቀላሉ ይምታታሉ። የመጀመሪያው የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደር አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ይህ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠየቅ መብት እንጂ ከአለቃው የሚለመን ውለታ አይደለም። ሁለተኛው ዋስ ወይም ተያዥ ነው። ገንዘብና ንብረት ለሚይዝ ሠራተኛ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ይህን ይጠይቃሉ፤ ተያዥ የሆነው ሰውም ይፈርማል፣ ጉድለት ቢገኝ ደግሞ ይጠየቅበታል። ሦስተኛው ሪፈረንስ ነው፤ ማለትም ቀጣሪው ደውሎ «ይህ ሰው ከእርስዎ ጋር ሲሠራ እንዴት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያውቁትን የሚናገሩ ሰው ናቸው። አይፈርሙም፤ ገንዘብም አያስይዙም።

ልዩነቱን ማስረዳት ያስፈለገኝ፣ በተለይ ግምጃ ቤት፣ ካዝና ወይም መጋዘን ይዞ የሠራ ሰው ለቀድሞ አለቃው «ለአዲስ ሥራ ስምዎን ልስጥ?» ብሎ ሲጽፍ፣ የብዙ አለቆች የመጀመሪያ ሐሳብ ተያዥነት ስለሚሆን ነው። ከዚያ በኋላ መልስ ሳይሰጡ ዝም ይላሉ፤ ጠያቂውም የተናቀ ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄው ዋስትና እንዳልሆነ በደብዳቤው ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ይህን ዓረፍተ ነገር እጅግ አስፈላጊ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሌላውን ሁሉ ቢያሳጥሩ እንኳ ይህን አያውጡ።

ሁለተኛ፦ አድራሻውንና ቀኑን ያረጋግጡ

አለቃዎ ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቁ፣ የመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል አድራሻቸው ተዘግቶ ወይም ለተኪያቸው ተላልፎ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ የግል ጉዳይ በሌላ ሰው እጅ እንዳይገባ፣ በአጭር የስልክ መልእክት «ለአንድ የሥራ ጉዳይ ኢሜይል ልልክልዎት ፈልጌ ነበር፤ የሚጠቀሙበት አድራሻ የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጥያቄውን በሙሉ በስልክ መጨረስ ግን አልመክርም፤ በስልክ ሲጠየቅ ሰው ለማሰብ ጊዜ አያገኝም፣ ቀኖቹንና የሥራውን ስም የሚመለከትበት ጽሑፍም በእጁ አይቀርም።

ኢሜይሉ ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ቢያንስ ከሳምንት በላይ አስቀድሞ ቢላክ መልካም ነው። በእኛ አካባቢ ኔትወርክና መብራት ለቀናት የሚጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ ሦስት ቀን ብቻ ሲቀር የተላከ ጥያቄ ሳይነበብ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። የአለቃውን የሥራ ወቅትም ያስቡ። በሰኔ መጨረሻ የበጀት ዓመት የሚዘጋ የፋይናንስ ኃላፊ፣ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ እህል የሚረከብ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ረጅም ደብዳቤ የማንበብ ፋታ የለውም። የእኛ ወጣት የላከው ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ኅዳር 12 የኅዳር ሚካኤል ስለሆነና ብዙ ሰው ስለሚያከብረው፣ መልስ የጠየቀው እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ድረስ ነው።

ሦስተኛ፦ ደብዳቤውን ይጻፉ

የተላከው ደብዳቤ ስሞቹ ወጥተው እንደሚከተለው ነበር።

> ርዕስ፦ የሪፈረንስ ፈቃድ ጥያቄ፣ ከ(ስም)፣ የቀድሞ የዩኒየኑ ንብረት መዝጋቢ
>
> ለተከበሩ ወይዘሮ (ስም)፣
>
> እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ። ከመስከረም 2011 እስከ ሰኔ 2014 ዓ.ም. በዩኒየኑ ዋና መጋዘን በእርስዎ ኃላፊነት ሥር በንብረት መዝጋቢነት የሠራሁት (ስም) ነኝ።
>
> ይህን የምጽፍልዎት ለሁለት የሥራ መደቦች ቃለ መጠይቅ ስለተጠራሁና ሥራዬን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እንዳቀርብ ስለተጠየቅሁ፣ ስምዎንና ስልክዎን በሪፈረንስነት እንድሰጥ ይፈቅዱልኝ እንደሆነ በአክብሮት ለመጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ኅዳር 18 ቀን ባሕር ዳር የሚደረግ የመጋዘን ኃላፊነት ቃለ መጠይቅ ነው። ሁለተኛው ኅዳር 24 ቀን አዲስ አበባ በሚገኝ የእርዳታ ድርጅት ለሎጂስቲክስ ረዳትነት የሚደረግ ነው።
>
> ጥያቄዬ ዋስ ወይም ተያዥ ከመሆን ጋር ግንኙነት የለውም። የሚፈርሙት ሰነድም ሆነ የሚከተልዎት የገንዘብ ኃላፊነት የለም። ቀጣሪዎቹ ከፈለጉ በስልክ ደውለው ስለ ሥራዬ ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቁዎታል፤ ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ አይመስለኝም።
>
> ለማስታወስ ያህል፣ በ2013 ዓ.ም. የማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት ቢን ካርዱን በየቀኑ ማታ ከመጋዘኑ ቀሪ ጋር እንዳመሳክር የፈቀዱልኝ እርስዎ ነበሩ፤ የዚያ ዓመት የሰኔ ቆጠራም ያለ ልዩነት ተዘግቷል። በመጀመሪያው ዓመት ወርኃዊ ሪፖርት አዘገይ እንደነበርና እርስዎ ከገሠጹኝ በኋላ እንዳረምሁትም አልረሳሁም። ቢጠየቁ ይህንንም እንዳለ ቢናገሩ ቅር አይለኝም።
>
> ፈቃድዎ ከሆነ፣ የትኛውን ስልክ እንድሰጥና በየትኛው ሰዓት ቢደወልልዎት እንደሚመች እስከ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቢያሳውቁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። የማይመችዎት ከሆነ ደግሞ «አይመቸኝም» የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል፤ ምክንያቱን አልጠይቅም፣ አክብሮቴም አይቀነስም።
>
> የሥራና የትምህርት ታሪኬን አያይዤ ልኬያለሁ።
>
> ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
> (ሙሉ ስም፣ ስልክ)

በደብዳቤው ውስጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች

ርዕሱ ጉዳዩንና የጠያቂውን ማንነት አብሮ ይናገራል። «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ» የሚል ርዕስ ያለው ኢሜይል ካልታወቀ አድራሻ ሲመጣ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል፤ «የቀድሞ የዩኒየኑ ንብረት መዝጋቢ» የሚለው ግን አንባቢዋ ገና ሳይከፍቱት ሰውየውን እንዲያስታውሱ ያደርጋል።

ሰላምታው አጭር ነው። በቃል ስንገናኝ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡና ስለ አዝመራው ሳንጠያይቅ ወደ ጉዳይ አንገባም፤ ይህም መልካም ልማድ ነው። ኢሜይሉን በስልካቸው የሚያነብቡ ሰው ግን ሰላምታው ገጹን ከሞላው ጥያቄው የት እንዳለ ለማግኘት ይቸገራሉ። ስለዚህ ሰላምታው በአንድና በሁለት ዓረፍተ ነገር ተወስኖ፣ ጥያቄው በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ቢቀመጥ አክብሮቱ አይጎድልም።

በአክብሮት አጠራሩ በኩል ብዙ ሰው የሚሳሳተው መክፈቻው ላይ ሳይሆን ግሦቹ ላይ ነው። «ለተከበሩ ወይዘሮ» ብሎ ጀምሮ በመካከል «ብትነግሪልኝ» የሚል፣ ወይም «እርስዎ» እያለ «ታስታውሳለህ» ብሎ የሚጨርስ ደብዳቤ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ይህ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ደብዳቤ ተቀንጭቦ ስለሚጻፍ ነው። ከመላክዎ በፊት ግሦቹን ብቻ እየለቀሙ አንድ ጊዜ ያንብቡ። በገጠሩ ጎጃም ለትልቅ ሰው «አንቱ» ማለት ክብር ነው፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን የተለመደው «እርስዎ» ስለሆነ በእርሱ መጽናት ይሻላል። በሥራ ቦታ «እትዬ» ወይም «ጋሼ» እያሉ ይጠሯቸው ከነበረም፣ ይህ ደብዳቤ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል «ወይዘሮ» ወይም «አቶ» ብሎ ከራሳቸው ስም ጋር መጻፉ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በደብዳቤው ውስጥ «እንደማያሳፍሩኝ እተማመናለሁ» ወይም «ከእርስዎ ሌላ ማንም የለኝም» የሚል ቃል የለም። እንዲህ ያለው ቃል ልብ የሚነካ ቢመስልም፣ አለቃውን በይሉኝታ ያስራል። በይሉኝታ «እሺ» ያለ ሰው ደግሞ፣ እንደ አሠሪ ተወካይ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ስልኩን አያነሣም፤ ካነሣም «ከሰው ጋር ተግባብቶ ይሠራል» ከማለት አያልፍም። ለደዋይ እንዲህ ያለው ለብ ያለ መልስ «አላውቀውም» ከመባል አይሻልም። እምቢ ማለትን ቀላል ያደረገ ደብዳቤ የሚያስገኘው «እሺ» ግን እውነተኛ ነው። ለዚህ ነው «አይመቸኝም» የሚለው ቃል ራሱ ተጽፎ የቀረበላቸው፤ የእምቢታውን ቃል ከራሳቸው አፍ ማውጣት ለጨዋ ሰው ከባድ ነው።

ማስታወሻ የሚሆነው አንቀጽም እንዲሁ ታስቦበት የተጻፈ ነው። «ታታሪና ታማኝ ነበርሁ» ቢል አለቃዋ የሚይዙት ነገር አይኖራቸውም፤ ደዋዩ «ታማኝነቱን በምን አዩ?» ብሎ ሲጠይቅም ዝም ይላሉ። የማዳበሪያ ሥርጭቱ፣ በየማታው የሚመሳከረው የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ቢን ካርድና ያለ ልዩነት የተዘጋው ቆጠራ ግን ወይዘሮዋ ራሳቸው ያዩትና በራሳቸው ቃል ሊተርኩት የሚችሉት ነገር ነው። አንድ ወይም ሁለት እንዲህ ያለ ጉዳይ ይበቃል። ያልሆነ ነገር መጨመር ወይም «እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ» ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ቃል ሲናገሩ ደዋይ የተጠና መሆኑን ወዲያው ያውቃል።

ወጣቱ ስለ ዘገየው ሪፖርት መጻፉን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። ነገር ግን ለሪፈረንስ የሚደውል ሰው ብዙውን ጊዜ «ማሻሻል የነበረበት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አለቃዋ በድንገት ሲጠየቁ ከዚህ የባሰ ነገር ሊያነሡ ወይም «ምንም» ሊሉ ይችላሉ፤ «ምንም» ደግሞ አይታመንም። ከስሕተት ተነሥቶ የታረመ እውነተኛ ነገር ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነው። ወጣቱም በቃለ መጠይቁ ላይ ይኸው ጥያቄ ቢቀርብለት መልሱ ከአለቃው ቃል ጋር አይጋጭም።

ስለ አባሪው አንድ ነገር ልጨምር። የሥራና የትምህርት ታሪኩ በድሮዎቹ የፓወር ግእዝ ወይም የቪዥዋል ግእዝ ፊደሎች በወርድ የተጻፈ ከሆነ፣ በአለቃው ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ወደ ፒዲኤፍ ለውጠው ይላኩት፤ ከዚያም በራስዎ ስልክ ከፍተው ይመልከቱት።

አራተኛ፦ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ

ወይዘሮዋ ኅዳር 11 ማታ ፈቃዳቸውን ገለጹ፤ «የአዲስ አበባዎቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቁኝ?» የሚል ጥያቄም አከሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቃቸው ነገሩን ከልብ እንደያዙት ያሳያል። «እሺ ችግር የለም» ብቻ ተብሎ ስልክም ሰዓትም ካልተገለጸ ግን፣ አንድ ጊዜ በትሕትና «የትኛውን ስልክ ልስጥ?» ብሎ ማስታወስ ይገባል። ከዚያም መልስ ከሌለ ሌላ ሰው መፈለግ ይሻላል።

ፈቃዱ ሲመጣ ሁለተኛ፣ እጅግ አጭር ኢሜይል ይላካል። ምስጋናው፣ የሚደውለው ክፍል ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩና ቀኑ በዚህ ውስጥ ይሰፍራሉ። የዘመን አቆጣጠሩን ጉዳይ በዚህ ደብዳቤ ማስተካከል የግድ ነው። ወጣቱ ለእርዳታ ድርጅቱ በላከው ታሪኩ ላይ የሠራበት ዘመን ከሴፕቴምበር 2018 እስከ ጁላይ 2022 ተብሎ ተጽፏል። ወይዘሮዋ ግን ቢጠየቁ የሚናገሩት ከ2011 እስከ 2014 ብለው ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምክንያቱም መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2018 ነው፣ ሰኔ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጁላይ 7 ቀን 2022 ነው። አቆጣጠራችንን የማያውቅ ደዋይ ግን አንዳቸው የተሳሳቱ ይመስለዋል። ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ሁለቱም ዘመኖች ጎን ለጎን ተጻፉላቸው።

ሰዓቱም ያው ነው። ወይዘሮዋ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይመቸኛል» አሉ። ወጣቱ ይህን ለድርጅቱ ሲያስተላልፍ ከ9 እስከ 11 ብሎ፣ የጠዋት መሆኑን ጨምሮ ጻፈው። ደዋዩ ከውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ በአዲስ አበባ አቆጣጠር መሆኑን መግለጽ፣ ስልኩንም መጀመሪያ ላይ ያለውን ዜሮ አውጥቶ በ+251 ጀምሮ መስጠት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፦ መልስ ካልመጣ ወይም እምቢ ከተባለ

ቀጠሮው አልፎ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ይደውሉ፤ «ኢሜይሉ ደርሶዎት እንደሆነ ለማወቅ ነው» ይበሉ እንጂ «ለምን አልመለሱልኝም» አይበሉ። ፈቃድ ሳያገኙ ስማቸውን መስጠት ግን መጀመሪያ ላይ የተረክሁትን ዝምታ መልሶ መጥራት ነው። ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ በቅርብ የተቆጣጠረዎት የፈረቃ ኃላፊ ወይም ምክትል ኃላፊ፣ ማዕረጉ ከፍ ቢልም ሥራዎን ካላየ ሥራ አስኪያጅ ይልቅ ይሻላል። እምቢ ካሉ በዚያው ቀን «ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ» ብሎ መመለስ ይበቃል። ለሁለት አለቆች በአንድ ኢሜይል አብሮ መጠየቅ ደግሞ አይገባም፤ እያንዳንዳቸው ሌላው ይመልስለታል ብለው ይተዉታል።

ስድስተኛ፦ ከቃለ መጠይቁ በኋላ

ቃለ መጠይቁ ባለቀ ቀን ማታ «ዛሬ ጨርሻለሁ፤ በዚህ ሳምንት ሊደውሉልዎት ይችላሉ» የሚል አንድ መስመር መልእክት ይላኩ። ቀኑ ከተላለፈም እንዲሁ ያሳውቁ፤ ሰዓት አመቻችተው ስልክ የሚጠብቁ ሰው ናቸውና። ውጤቱ ሲታወቅ፣ ባይሳካም እንኳ፣ ለአለቃዎ ቀድመው ይንገሩ።

የሰጡት ፈቃድ ለእነዚህ ለሁለቱ ሥራዎች ብቻ የተሰጠ መሆኑንም አይርሱ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለሌላ ቦታ ሲያመለክቱ ስማቸውን ከድሮው ማመልከቻ ገልብጠው እንዳይልኩ፤ በዚያው ኢሜይል ሥር በመመለስ፣ የሥራውን ስምና ቀኑን ጽፈው እንደገና ይጠይቋቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሥሩ ስለሚታይ ሁለተኛው ጥያቄ ከሦስትና ከአራት መስመር አያልፍም።